ለአንጋፋ ዳይሬክተር የሚሄድ መልእክት፦ «አንተ» የሚደበቅባቸው ቦታዎች

የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ ውስጥ ነው። ከሥራዎቼ አንዱ ወጣት ባልደረቦቼ የሚያረቅቋቸውን የቴሌግራም መልእክቶች ለዋና ዳይሬክተራችን ከመላካቸው በፊት ማስተካከል ነው። ዳይሬክተራችን 70 ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው አንጋፋ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው። ፊት ለፊት ቆሞ ጋሼን «አንተ» የሚል አንድም ሰው የለም። ግን ሲጽፉ እጃቸው እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን አማርኛ ስለለመደ ረቂቁን እንዳለ ይልኩልኝና «ለጋሼ አስተካክለሽ ላኪልን» ይሉኛል።

ብዙ ሰው «አንተ»ን በ«እርስዎ» ተክቶ የመጨረሻውን ግሥ ካስተካከለ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። በአማርኛ «አንተ» የሚለው ቃል ራሱን ችሎ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግሡ ጫፍ ላይ፣ ስሙ ጫፍ ላይ፣ «እባክህ» ውስጥ፣ «ስትመጣ» መጀመሪያ ላይ ተሸጉጦ ነው ያለው። አንዱ ሳይታይ ካመለጠ «እርስዎ በላክኸው ሰነድ መሠረት» ዓይነት ነገር ይወጣል። ይሄ ለጆሮ ከመጀመሪያው «አንተ» ይብሳል፣ ምክንያቱም አንባቢው ጸሐፊው አክብሮ ጀምሮ መሃል ላይ እንደተወው ነው የሚሰማው።

አንድ ረቂቅ ላሳያችሁ። ስምና ዝርዝር ጉዳዩን አውጥቼዋለሁ፣ አጻጻፉ ግን እንዳለ ነው።

«ሰላም ነው። ትናንት የላኩልህን ሪፖርት አየኸው? ካላየኸው ነገ ጠዋት ቢሮ ካለህ ፕሪንት አድርጌ ይዤልህ እመጣለሁ። ፋይናንሶች ጋ አልቋል፣ ፈርመዋል። ያንተ ነው የቀረው። ገጽ 4 ላይ ያለው ቁጥር ማስታወሻህ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም፣ እስኪ ቼክ አድርገው። ነገ ከሰዓት 9 ሰዓት ካዛንቺስ ስብሰባ አለ፣ ጊዜ ካለህ ብትመጣ አሪፍ ነው። ካልተመቸህ ንገረኝ። መኪናው ሲደርስ እደውልልሃለሁ። ሪፖርቱን አሳጥረው ብለኸኝ ነበር፣ አሳጥሬዋለሁ።»

ለጓደኛ የተጻፈ ቢሆን ምንም አይወጣለትም። አሁን ለጋሼ እንለውጠው።

መጀመሪያ «ካለህ» የምትለዋን ተመልከቱ። ረቂቁ ውስጥ ሁለት ጊዜ አለች፣ «ቢሮ ካለህ» እና «ጊዜ ካለህ»። በ«አንተ» ሲሆኑ አንድ ዓይነት ናቸው። በ«እርስዎ» ሲሆኑ ግን ይለያያሉ። አንደኛዋ «ቢሮ ካሉ» ትሆናለች፣ ሁለተኛዋ «ጊዜ ካለዎት»። ሁለቱንም በደፈናው «ካለዎት» ያለ ሰው ጋሼን «ነገ ጠዋት ቢሮ ካለዎት» ብሎ ጻፈ ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ «ቢሮ የሚባል ነገር ካለዎት» የሚል ነው የሚመስለው። የድርጅቱን ዋና ዳይሬክተር!

ለዚህ እኔ የምጠቀምበት መለያ አለ፣ አሁን አሁን ሳላስብበት ነው የሚመጣልኝ። ዓረፍተ ነገሩን ወደ «እኔ» አዙሩት። «ቢሮ አለሁ» ነው የምትሉት ወይስ «ቢሮ አለኝ»? በ«ሁ» ወይም በ«ኩ» ካለቀ ሰውየው ራሱ አድራጊው ነው፣ ስለዚህ ለ«እርስዎ» ግሡ በ«ኡ» ድምፅ ያልቃል፦ አለሁ፣ አሉ። በ«ኝ» ካለቀ ነገሩ ሰውየው ላይ የደረሰ ወይም ለእሱ የሆነ ነው፣ ስለዚህ «ዎት» ይመጣል፦ አለኝ፣ አለዎት። በቃ ይኸው ነው፣ ግን የሚያድነው ብዙ ነው። «ምነው ጠፋህ?» ሲባል «ጠፋሁ» ስለሚል «ምነው ጠፉ?» ይሆናል። «ቁልፉ ጠፋህ እንዴ?» ሲባል ግን «ጠፋኝ» ነውና «ቁልፉ ጠፋዎት እንዴ?» ነው። «ካልተመቸህ» በ«እኔ» ሲዞር «ካልተመቸኝ» ስለሆነ «ካልተመቸዎት» እንጂ «ካልተመቹ» አይደለም።

እዚህ ላይ ከዕድሜ ጋር የሚገናኝ አንድ ቃል ስላለ ቆም ልበል። «መንገዱ ደክሞህ ይሆናል» ተብሎ ተረቆ ሲመጣ «ደክሞዎት ይሆናል» ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም «ደከመኝ» ነውና። «ደክመው ይሆናል» ካላችሁ ግን ለአዛውንት ሌላ መልእክት ነው ያለው። እኛ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው «ደክመዋል» ሲባል አቅም አንሷቸዋል፣ እርጅናው ተጭኗቸዋል ማለት ነው። የግሡ ጫፍ ተሳስቶ የመንገድ ድካም የነበረው የዕድሜ ድካም ይሆናል። እንደ ጋሼ ላለ አሁንም በየቀኑ ደረጃ እየወጣ ቢሮ ለሚገባ ሰው እንዲህ መጻፍ ከባድ ነው፣ እኔ በበኩሌ ይህን ቃል ሳየው ሁለቴ ነው የማነበው።

ቀጥሎ «ብትመጣ» አለ። በጣም የተለመደው ስህተት ያለው እዚህ ነው። ሰው አክብሮት ማለት «ኡ» መጨመር ነው ብሎ ስለሚያስብ «ብትመጡ» ብሎ ይተወዋል። «ብትመጡ» ግን «እናንተ» ነው። የ«እርስዎ» የሚሆነው «ቢመጡ» ነው። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ አይደለም፣ መጀመሪያው ላይ ያለችው «ት» ናት። «ስትደርሱ» የብዙ ሰው ነው፣ «ሲደርሱ» የእሳቸው። «እንድታዩት» የብዙ ሰው፣ «እንዲያዩት» የእሳቸው። «ትመጣላችሁ» የብዙ ሰው፣ «ይመጣሉ» የእሳቸው። ባለፈ ጊዜ ላይ ደግሞ «ት» የለችም፣ እዚያ የሚያጋልጠው «ችሁ» ነው፦ «መጣችሁ» ብዙ፣ «መጡ» አንድ የተከበረ ሰው።

«እናንተ» ብሎ ለአንድ ሽማግሌ መጻፍ ነውር ነው ማለቴ አይደለም፣ ማንም አይቆጣም። ችግሩ መልእክቱን ማበላሸቱ ነው። «9 ሰዓት ላይ ብትመጡ» ብላችሁ ብትጽፉላቸው ጋሼ የሚያስቡት ሌላ ሰው ይዘው እንዲመጡ የተፈለገ ነው። ሾፌሩን ነው? ምክትላቸውን ነው? አንድ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ተጽፎላቸው «ከማን ጋር?» ብለው ደውለዋል። ልጁ የፈለገው እሳቸውን ብቻ ነበር።

ከረቂቁ ውስጥ በዓይን ለማግኘት በጣም የሚያስቸግረው «ቼክ አድርገው» ነው። ሳይጠነቀቁ ሲያልፉት በአክብሮት የተጻፈ ይመስላል። «አድርገው ይላኩልኝ» ስንል «አድርገው» የ«እርስዎ» ነው አይደል? አዎ፣ ከኋላው ሌላ ግሥ ሲከተለው። ዓረፍተ ነገሩ እሱ ላይ ካለቀ ግን «አድርግ» እና «ው» ነው፣ ማለትም ለ«አንተ» የተሰጠ ትእዛዝ። «ፈርመው»ም እንደዚሁ ነው። «ፈርመው ይመልሱልኝ» ጨዋ ነው፣ «ጋሼ ሰነዱን ፈርመው።» ተብሎ በአራት ነጥብ ከተዘጋ ግን እኩያን ማዘዝ ነው። «ጨርሰው»፣ «መልሰው»፣ «አሳጥረው» ሁሉም እንዲህ ሁለት መልክ አላቸው። አጻጻፋቸውም አነባበባቸውም ያው ስለሆነ የሚለያቸው ቦታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ በ«ው» የሚያልቅ ግሥ ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ላይ ካያችሁ ቁሙ። «ቢያዩልን»፣ «ቢፈርሙልን» ብላችሁ ለውጡት።

በነገራችን ላይ «ይፈርሙ» ወይም «ይመልከቱት» ማለት በሰዋስው በኩል ትክክል ነው። ቅጽ ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ ያምራል። ከበታች ሠራተኛ ለአንጋፋ አለቃ ሲጻፍ ግን ትእዛዝነቱ አሁንም አለ፣ አክብሮት የለበሰ ትእዛዝ ነው። «ቢፈርሙልን» ስትሉ ፈቃዱን ለእሳቸው ትተዋላችሁ፣ «ልን» የምትለዋም ሥራው ለእኛ የሚደረግ ውለታ እንደሆነ ትናገራለች። «ያሳውቁኝ» ግን አይከብድም፣ ምክንያቱም ማሳወቁ ለእሳቸው ምቾት የተጠየቀ ነው። ይህን በደንብ መተንተን አልችልም ይሆናል፣ ግን ጆሯችሁን ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

ትእዛዝ ሁሉ ደግሞ ምልክት የለውም። «ንገረኝ»፣ «ላክልኝ»፣ «እየው» ውስጥ «ህ» የለም፣ «ት»ም የለም። ስለዚህ አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው ጽሑፉ ውስጥ «ህ»ን በፍለጋ እያደኑ መለወጥ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ላዩ ላይ ደግሞ ወጣቶቹ «መጣህ» በማለት ፈንታ «መጣክ» ብለው ይጽፋሉ፣ ፍለጋው እሱንም ያልፈዋል። ቃል በቃል ከማንበብ ሌላ መድኃኒት የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። እስካሁን ያወራሁት «አንተ»ን ስለማውጣት ነው። ሁሉንም አውጥታችሁ ስትጨርሱ አዲስ ችግር ይወለዳል፣ እሱም ማን ምን እንዳደረገ አለመለየቱ ነው። አማርኛ ላይ «ፈርመዋል» ሲባል እርስዎም ሊሆኑ ይችላሉ፣ እሳቸውም፣ እነሱም። ሦስቱም አንድ ግሥ ነው የሚጋሩት። ለጓደኛ ስንጽፍ ይህ አያስቸግርም፣ «ፈርመሃል» እና «ፈርመዋል» ተለያይተው ይታያሉ። ለጋሼ ስንጽፍ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

ቢሮ ውስጥ የሆነ ነገር ላንሳ። አንድ ባልደረባችን ለጋሼ «ደብዳቤው አልቋል፣ ፈርመዋል፣ ዛሬ ይወጣል» ብሎ ላከ። የፈረሙት የፋይናንስ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ግን ወዲያው «እኔ መቼ ፈረምኩ?» ብለው ደወሉ፣ ድምፃቸውም ጥሩ አልነበረም። እውነታቸውን ነው። ያልፈረሙት ደብዳቤ በእሳቸው ስም ሊወጣ ነው ብለው ነው የተረዱት። ልጁ የተጠቀመው ግሥ ልክ ነው፣ አክብሮቱም ልክ ነው። የጎደለው ባለቤቱ ነው።

ስለዚህ መልእክቱን አስተካክዬ ስጨርስ በ«ኡ» ወይም በ«ዋል» የሚያልቅ ግሥ ባገኘሁ ቁጥር «ማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ከዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካልተገኘ ባለቤቱን እጽፋለሁ። ለፋይናንሶቹ «የፋይናንስ ክፍል ባልደረቦች ፈርመውበታል» እላለሁ። ለጋሼ ደግሞ «የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው» እላለሁ። እዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር አለ። ግሡ ላይ ሦስቱ ቢመሳሰሉም ጭራው ላይ ይለያያሉ። «ደርሶዎታል» ማለት ለእርስዎ ነው፣ «ደርሷቸዋል» ግን ለእሳቸው ወይም ለእነሱ። «ማስታወሻዎ» የእርስዎ ነው፣ «ማስታወሻቸው» የሌላ ሰው። ስለዚህ ግሡ አልለይ ሲል ዓረፍተ ነገሩን ገልብጣችሁ ሰውየውን ባለንብረት ወይም ተቀባይ አድርጉት። «ሪፖርቱን አግኝተዋል?» ከማለት «ሪፖርቱ ደርሶዎታል?» ማለት ይሻላል፣ ሁለተኛው ከጋሼ በቀር ማንንም ሊሆን አይችልም።

«እርስዎ» የሚለውን ተውላጠ ስም በየዓረፍተ ነገሩ መደርደር ግን መፍትሔ አይደለም። ያደክማል፣ አንዳንዴም ጣት የሚቀስር ይመስላል። «እርስዎ ሪፖርቱን አላዩም» ሲባል ወቀሳ አለበት፣ «ሪፖርቱን ካልተመለከቱት» ሲባል የለበትም። እኔ የማስገባው መምታታት ሲኖር ብቻ ነው።

ረቂቁ ውስጥ ሌላም የሚያምታታ ቃል አለ፣ «የላኩልህን»። እዚህ «ላኩ» ያለው «እኔ» ነው። ስንናገር «ላኩ» ነው የምንለው፣ ስንጽፍም እንደዚያው እየጻፍን ነው። በ«አንተ» ችግር የለውም። ወደ «እርስዎ» ሲገባ ግን «ልህ» ወጥቶ «ትናንት የላኩትን ሪፖርት» ቢባል ማን የላከው ነው? እኔ ወይስ እርስዎ? ከአብዛኞቹ ሌሎች ግሦች ጋር ይህ አይገጥምም፣ «ጻፍኩ» እና «ጻፉ» ይለያያሉ። «ላከ» ላይ ግን ሥሩ ራሱ በ«ክ» ስለሚያልቅ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። መፍትሔው የቀድሞውን አጻጻፍ መመለስ ነው፣ «የላክሁልዎትን»። እዚያች «ሁ» ላይ ነው ነገሩ ያለው። እንደ ጋሼ ዘመን ሰው ደግሞ «ላክሁ» የሚለው አጻጻፍ የቆየ አይመስለውም፣ የለመደው ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ከመጠን በላይ ማክበር ነው። አክብሮቱ ሰውየው ላይ እንጂ ዕቃው ላይ አይሄድም። «አየኸው?» ሲለወጥ «አዩት?» ነው የሚሆነው፣ «አዩዋቸው?» ከተባለ የተከበረው ሪፖርቱ ነው። «መኪናው ሲደርስ እደውልልሃለሁ» ላይም የሚነካው መጨረሻው ብቻ ነው፣ «መኪናው ሲደርስ እደውልልዎታለሁ»። «ሲደርስ» የመኪናው ነው። እሱን «ሲደርሱ» ያለ ሰው ሳያውቀው ጋሼን ካዛንቺስ አድርሶ ከዚያ ሊደውልላቸው ነው። ስምና ቅጽልም አይበዙም። ግሡ የብዙ ቁጥር ቢመስልም ሰውየው አንድ ነው፣ ስለዚህ «ደስተኛ ነዎት» ነው እንጂ «ደስተኞች ነዎት» አይባልም። «ክቡር» ለአንድ ሰው ነው፣ «ክቡራን» ለብዙ። «የተከበሩ» የሚለው ግን ለአንድ ሰውም ይሆናል፣ ፓርላማ ውስጥም አንድን አባል «የተከበሩ» ብለው ነው የሚጠሩት።

የረቂቁ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ የሚያምር ጉዳይ ነው። «ሪፖርቱን አሳጥረው ብለኸኝ ነበር።» እዚህ ሁለት ሰው ነው የሚናገረው። «አሳጥረው» ያሉት ጋሼ ናቸው፣ ለልጁ። «ብለኸኝ ነበር» ያለው ልጁ ነው፣ ለጋሼ። መለወጥ ያለበት የልጁ ንግግር ብቻ ነው፣ «አሳጥረው ብለውኝ ነበር»። አስተካካዩ ከልክ በላይ ከተጠነቀቀ ሁለቱንም ይለውጥና «ያሳጥሩት ብለውኝ ነበር» ይላል፣ ያን ጊዜ ጋሼ ልጁን አንቱ ያሉት ይሆናል። ጋሼ ደግሞ ከእኛ ማንንም አንቱ ብለው አያውቁም፣ «አንተ ልጅ» ነው የሚሉት፣ ደስ ይለናልም። «ነገ ና ብለውኛል» ትክክል ነው፣ «ነገ ይምጡ ብለውኛል» ግን ራስን ከፍ ማድረግ ነው። ጥርጣሬ ከገባችሁ ጥቅሱን አፍርሱት፣ «እንዳሳጥረው በነገሩኝ መሠረት» ሲባል ነገሩ ይቀልላል።

እንግዲህ ረቂቁ ተስተካክሎ የሄደው እንዲህ ሆኖ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ትናንት የላክሁልዎትን ሪፖርት ተመልክተውት ይሆን? እንዳሳጥረው በነገሩኝ መሠረት አሳጥሬዋለሁ። ካልተመለከቱት ነገ ጠዋት ቢሮ ካሉ አትሜ ይዤልዎት እመጣለሁ። የፋይናንስ ክፍል ባልደረቦች ፈርመውበታል፣ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ገጽ 4 ላይ ያለው ቁጥር ማስታወሻዎ ላይ ካለው ጋር ስላልገጠመ እባክዎ ቢያዩልን። ነገ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ካዛንቺስ ስብሰባ አለ፣ ጊዜ ካለዎት ቢገኙልን ደስ ይለናል። ካልተመቸዎት ያሳውቁኝ። የሚመቸዎት ከሆነ መኪናው ሲደርስ እደውልልዎታለሁ።»

ጥቂት ቃላትም ተለውጠዋል። «አሪፍ» እና «ቼክ» ወጥተዋል፣ «ሰላም ነው» በ«ጤና ይስጥልኝ» ተተክቷል። የማሳጠሩን ነገር ወደ ላይ ያመጣሁት ሪፖርቱን ከማየታቸው ጋር ስለሚሄድ ነው። «ጋሼ» ያልኩት የቢሯችን ልማድ ስለሆነ ነው። ልማዱ በሌለበት ቢሮ «አቶ» ወይም የትምህርት ማዕረጋቸውን ከራሳቸው ስም ጋር መጻፍ ይሻላል። ከራሳቸው ስም ጋር ነው እንግዲህ፣ ከአባታቸው ስም ጋር አይደለም። ማዕረግ ከጻፋችሁ ግሡም መከተል አለበት፣ «አቶ እከሌ ልኮታል» አይሆንም። ዳይሬክተሯ ሴት ቢሆኑ ሥራው ያው ነው። ረቂቁ ላይ የምታድኑት «ሽ» እና «ላኪልኝ» ዓይነቱን ይሆናል እንጂ የአክብሮቱ ቅርጽ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

«ዎ» ወይስ «ዎት» እያሉ የሚጠይቁኝ አሉ። ሁለቱም ይባላል። እኔ ስም ላይ «ዎ» እጽፋለሁ፣ «ፊርማዎ»፣ «ማስታወሻዎ»። ግሥ ላይ «ዎት»፣ «ካለዎት»፣ «ይዤልዎት»። «እደውልልዎታለሁ» ላይ ግን ምርጫ የለም፣ «ት»ዋ የግድ ናት። ዋናው አንድ መልእክት ውስጥ አለመቀላቀል ነው። «እርሶ» የሚለውን አጻጻፍ ግን ለትልቅ ሰው አልክም፣ «እርስዎ» ነው። «አንቱ»ም አክብሮት ነው፣ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ ባልደረቦቼ ሲናገሩት ደስ ይላል። በእኛ ቢሮ ጽሑፍ ላይ ግን «እርስዎ» ስለተለመደ እሱን ነው የምይዘው።

የመጨረሻው የጋራ ግሩፕ ነው። ጋሼም ልጆቹም አሉበት። አስተባባሪው «ሁላችሁም ነገ 3 ሰዓት ተገኙ» ብሎ ሊለጥፍ ሲል ይታየኛል። «ሁላችሁም» ለብዙ ሰው ስለሆነ ሰዋስው አልተጣሰም፣ ግን ጋሼም ከታዘዙት አንዱ ሆኑ። «ሁላችሁም» ወደ «ሁላችንም» ይለወጥ፣ «ሁላችንም ነገ 3 ሰዓት ላይ እንድንገኝ»። አስተባባሪው ራሱም ገባበት፣ ትእዛዝነቱ ጠፋ። ለጋሼ ደግሞ በግል «እርስዎም ቢገኙልን» የሚል አንድ መስመር ይላክላቸዋል። «እርስዎና የፋይናንስ ኃላፊው ብትገኙ» የሚል ረቂቅ ሲመጣም ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ «እርስዎ ቢገኙልን፣ የፋይናንስ ኃላፊውም አብረውዎት ቢመጡ»። አንድ ላይ ሲታሰሩ «እናንተ» ይሆናሉ፣ ሲለያዩ ሁለቱም አክብሮታቸውን እንደያዙ ይቆያሉ።

ጋሼ አንዳንዴ «አንቱ ማለቱን ተዉት እባካችሁ» ይላሉ። ሻይ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ለሚቀርቧቸው ልጆች ይሄ ይሠራል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። በጽሑፍ ግን አልተውም። መልእክቱ ወደ ሌላ ሰው ሊላክ፣ ታትሞ ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚያነበው ሰው በሻይ ላይ የተባለውን አያውቅም።